«ቪዲዮህ አይከፍትም» ሲሏችሁ፦ የዩቲዩብን የዕድሜ ገደብ እንዴት እንለያለን?

[ምስል፦ ጣና ዳርቻ፣ ጠዋት። የደንገል ታንኳ ወደ ዳር እየመጣ።]

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የዩቲዩብ ቻናል ያለው አንድ ልጅ አለ እንበል። የታንኳ አሠራር፣ የዓሣ ጥብስ፣ የገበያ ቀን ይለቃል። ለፋሲካ ደግሞ የሰፈሩን ቅርጫ፣ ከበሬው እርድ ጀምሮ፣ ቀርፆ ለቀቀ።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። «ቪዲዮህ እኮ አይከፍትም!» ራሱ ሲሞክረው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። «የእናንተ ኔትወርክ ነው» አላቸው።

ኔትወርክ አይደለም። እሱ ሁሌም በራሱ አካውንት ገብቶ ነው የሚያየው። ደዋዮቹ ግን አንዱ በሱቁ ቴሌቪዥን፣ ሌላዋ በእናቷ ስልክ ነው የከፈቱት፤ በሁለቱም ላይ ማንም አካውንት አልገባም።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን።]

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቪዲዮውን ሊንክ ኮፒ አድርጉ። ክሮም ላይ ኢንኮግኒቶ ክፈቱና አድራሻ መጻፊያው ላይ ለጥፉት። እዚያ አካውንታችሁ ገብቶ አይጠብቃችሁም። ቪዲዮው ዝም ብሎ ከተጫወተ ገደብ የለበትም። «Sign in to confirm your age» ካለ ግን የዕድሜ ገደብ አለበት።

ጽሑፉን ልብ ብላችሁ አንብቡት። «Sign in to confirm you're not a bot» የሚል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከዕድሜ ጋር አይገናኝም። «Private video» ካለ ደግሞ ባለቤቱ ለሕዝብ አልከፈተውም ማለት ነው። ሦስቱም ስለሚከለክሉ ሰው ያምታታቸዋል።

ታዲያ ለምን ግቡ ይላል? ገደብ ያለበት ቪዲዮ የሚፈቀደው 18 ዓመት ለሞላው ነው። ዩቲዩብ ያልገባን ሰው ዕድሜ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አካውንት ውስጥ ግን የልደት ቀን አለ፤ በዋናነት የሚያመሳክረው እሱን ነው። ስለዚህ ገብቶም ዕድሜው ያልደረሰ አያይም።

[ምስል፦ የልደት ቀን መሙያ ገጽ።]

እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ አለ። ፎርሙ የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2005 ዓ.ም የተወለደ ልጅ «2005» ብሎ ከሞላ፣ ትክክለኛው 2012 ወይም 2013 ስለሆነ፣ ሲስተሙ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ አዋቂ ሆኖ ቁጭ! ወላጆች ልጆቻችሁ አካውንት ላይ ይህንን እዩት።

አሁን ወደ ቻናሉ ባለቤት እንመለስ። ገደቡን ማን እንደጣለው ማወቅ አለበት። ኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብቶ «Content» የሚለውን ይክፈት። ከቪዲዮዎቹ ጎን «Restrictions» የሚል ዓምድ አለ። የቅርጫው ቪዲዮ መስመር ላይ «Age-restriction» የሚል ካየ፣ ማውሱን እዚያ ላይ ያሳርፍ፤ ዝርዝሩ ይወጣል።

ሁለት ዕድል አለ። አንደኛው፣ ሲጭን ራሱ ነክቶት ይሆናል። «ለሕፃናት የተሠራ አይደለም» የሚለውን ሲመርጥ፣ ከሥሩ ያለውን የ18 ዓመት ገደብም አብሮ መርጦ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ለሕፃናት ያልተሠራ ቪዲዮ ሁሉ ገደብ አያስፈልገውም። ይህ ከሆነ ከቪዲዮው ዝርዝር ገጽ ገብቶ ያነሳዋል፤ አለቀ።

ሁለተኛው፣ ዩቲዩብ ራሱ ጥሎት ይሆናል። ደም በጉልህ የሚታይበት ምስል ለዚህ ያጋልጣል። ለኛ እርዱ የበዓል ወግ ነው። የሚገመግመው ግን፣ ማሽንም ይሁን ሰው፣ የሚያየው ቢላውንና ደሙን ነው። ቪዲዮው ሳይከፈት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሥዕልና ርዕሱም ይገመገማሉ። በኔ ግምት የተቆረጠ አንገት ፊት ለፊት የለጠፈ ሰው ነገሩን ራሱ ጠርቶታል።

[ምስል፦ የስቱዲዮ ገጽ፣ ማውሱ ገደቡ ላይ።]

ገደቡ የሚነካው ተመልካቹን ብቻ አይደለም። ማስታወቂያው ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይቀራል። አንድ የጣና ጀልባ አስጎብኚ ቪዲዮውን ድረ ገጹ ላይ ቢያስገባው፣ እንግዳው ሲጫነው እዚያው አይጫወትለትም፤ ወደ ዩቲዩብ ይልከዋል።

ልጁ ውሳኔው ልክ አይደለም ካለ፣ እዚያው ገደቡ ላይ «Appeal» የሚለውን ተጭኖ ምክንያቱን ይጻፍ። ለአንድ ቪዲዮ ይግባኝ የሚባለው አንዴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በንዴት አይላከው። የበዓል ሥርዓት መሆኑን፣ እርዱ በስንተኛው ደቂቃ እንዳለና ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይግለጽ።

ካልተቀበሉት፣ የእርዱን ክፍል ቆርጦ ሥጋው ሲመደብና ዕጣ ሲጣል ያለውን እንደ አዲስ ይጫን። ሊንኩ አዲስ ነው የሚሆነው፤ የድሮው እይታና አስተያየት አይከተለውም። ከለቀቀው በኋላም ለሰው ከመላኩ በፊት በኢንኮግኒቶ አንዴ ይክፈተው፤ ከቀናት በኋላም ይድገመው፤ ገደብ ቪዲዮው ከወጣ ቆይቶም ሊጣል ይችላል።