የጉንፋን መድኃኒት ወስዳችሁ ሽንታችሁ ፖዘቲቭ ቢባል

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሾፌር ጤና በጠቅላላው እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ መሪ ላይ ብዙ ሰዓት ስለ መቀመጥ። እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ዛሬ የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ሽንት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምውለው። ስለዚህ እዚህ ዳላስ ካለነው ሰዎች መካከል አንዱ «ፖዘቲቭ ነህ» ሲባል ማታ ማታ የሚደወለው ለእኔ ነው። ከሚደውሉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የወሰዱት የጉንፋን መድኃኒት ብቻ ነው።

የአንዲት እህታችንን ጉዳይ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን ግን ንገርላቸው ብላኛለች። ክረምት ላይ መጋዘን ውስጥ የፎርክሊፍት ሥራ ተቀበሏት። የቀረው የሽንት ምርመራ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ከባድ ጉንፋን ያዛት፣ ፋርማሲ ሄዳ አፍንጫ የሚከፍተውን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቆየውን ክኒን ገዛች። ውስጡ ያለው ሱዶኤፌድሪን ይባላል፣ አንዱ ክኒን 120 ሚሊግራም ነው፣ ጠዋትና ማታ ትውጠዋለች። አሜሪካ ውስጥ ይህ መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ ይሸጣል፣ ግን ከመደርደሪያ አንስተህ አትሄድም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ነው የሚቀመጠው፣ መታወቂያ አሳይተህ ስምህ ተመዝግቦ ነው የምትወስደው። ምክንያቱም ሜታምፌታሚን የሚባለውን ዕፅ የሚያበስሉ ሰዎች የሚነሱት ከእሱ ነው። እሷም መታወቂያዋን አሳይታ፣ ፈርማ ነው የገዛችው። በሕጉ መሠረት፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ።

ምርመራው በኩባያ ነበር። ጎኑ ላይ ወረቀቶች ያሉት የፕላስቲክ ኩባያ ነው፣ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አነባበቡ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። መስመር ከወጣ ነፃ ነህ፣ ደብዛዛም ቢሆን ነፃ ነህ፤ መስመሩ ካልወጣ ነው «ፖዘቲቭ» የሚባለው። የእሷ የሜታምፌታሚኑ መስመር አልወጣም። የተቀበላት ልጅ አንዴ ኩባያውን፣ አንዴ እሷን አየና «እንደውልልሻለን» አላት። በማግስቱ የሥራው ነገር እንደቀረ የሚገልጽ አጭር መልእክት መጣላት። አለቀ። ሽንቱ ወደ ላቦራቶሪ አልተላከም። ምን መድኃኒት እንደወሰደች የጠየቃት የለም። ለባሏ እንኳን አልነገረችም። እኔን የጠየቀችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን፣ ከግቢው ጥግ ወስዳኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «እኔ እኮ ሲጋራ እንኳን አጭሼ አላውቅም» አለችኝ።

እንግዲህ ኩባያው ውስጥ የሆነውን ላስረዳችሁ። ወረቀቱ ላይ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ነገር አለ። ሜታምፌታሚንን እንዲይዝ የተሠራ ፕሮቲን ነው። ይዞ የሚያየው ግን የሞለኪውሉን አንድ ጎን ብቻ ነው። መርካቶ ውስጥ ከኋላዋ በነጠላዋ አይታችሁ «እህቴ!» ብላችሁ የጠራችኋት ሴት ስትዞር ሌላ እንደምትሆነው ማለት ነው። ሱዶኤፌድሪንና ሜታምፌታሚን ከኋላ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው አንድ ኦክስጅን ነው። የሜታምፌታሚን ሞለኪውል ክብደት 149 ነው፣ የሱዶኤፌድሪን 165፤ የበለጠችው 16 የዚያች ኦክስጅን ክብደት ናት።

«ከሚፈለገው ዕፅ ጋር ጠንክሮ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ደክሞ ነው የሚጣበቀው አይደል? ታዲያ እንዴት ይሳሳታል?» ትሉኛላችሁ። መልሱ ብዛት ነው። ሱዶኤፌድሪንን ጉበት ብዙም አይነካውም፣ አብዛኛው እንዳለ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በመጠኑ የወሰደ ሰው ሽንት ውስጥ እንኳን ብዙ ሺህ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይገኛል። አሁን እናስላው። ወረቀቱ ፖዘቲቭ የሚለው ከ500 ናኖግራም ጀምሮ ነው እንበል። ፀረ እንግዳ አካሉ ሱዶኤፌድሪንን የሚያየው በመቶኛው ጥንካሬ ብቻ ቢሆንም፣ ሽንቱ ውስጥ 50,000 ካለ የመቶው አንድ 500 ይሆናል። መስመሩ ጠፋ ማለት ነው። ውሃ ሳይጠጡ የመጡ ከሆነ ደግሞ ሽንቱ ይወፍራል፣ ቁጥሩም ይጨምራል። ይህ በሁሉም ኩባያ ላይ አይሆንም፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ፀረ እንግዳ አካል አለው፣ አንዱ ይታለላል፣ ሌላው አይታለልም። ከኩባያው ጋር የሚመጣው የአምራቹ ወረቀት ላይ የትኛው መድኃኒት በስንት መጠን እንደሚያሳስተው ተጽፏል። ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ አለ። የሚያነበው ግን የለም!

ለሳል የሚወሰደው ዴክስትሮሜቶርፋንም በአንዳንዱ ኩባያ ላይ ፒሲፒ የሚባለውን ዕፅ መስመር ያጠፋል፣ በተለይ በዛ ብሎ ሲወሰድ። እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒት፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ እሱም እንዲሁ ሲያደርግ ታይቷል። ምክንያቱ አንድ ነው፣ የጎን መመሳሰል።

ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው። ያንኑ ሽንት ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያ መስጠት ነው። መሣሪያው መልክ አያይም። በሽንቱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች መጀመሪያ ይለያያቸዋል፣ ከዚያ ሞለኪውሉን ሰባብሮ ስብርባሪውን ይመዝናል። እዚያ 149ንና 165ን የሚያምታታ የለም። የእህታችን ሽንት እዚያ ደርሶ ቢሆን ኖሮ «ሱዶኤፌድሪን» ተብሎ ይወጣ ነበር። ግን ሽንቱ ተደፍቷል! መከራከሪያዋም አብሮ ነው የተደፋው። በሌላ ቀን የሰጠችው ሽንት ምንም አያረጋግጥላትም፣ ክኒኑ በጥቂት ቀን ከሰውነት ይወጣልና። ኩባያውን የሠራው ኩባንያ ራሱ «ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ነው፣ በሌላ ዘዴ ይረጋገጥ» ብሎ ጽፎበታል። ይህን ጽሑፍ እያየ የሰው እንጀራ የሚቆርጥ ሥራ አስኪያጅ ሳይንስ ላይ አልተመሠረተም። የፈጠነለትን ነው ያደረገው። ይህን እዚህ ብቻ ሳይሆን ፊቱም እለዋለሁ!

ስለዚህ ኩባያ ላይ «ፖዘቲቭ» ከተባላችሁ ከክፍሉ ሳትወጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ይህ ሽንት ለማረጋገጫ ወደ ላቦራቶሪ ይላክልኝ»። በቃል ብቻ አይደለም፣ በዚያው ሰዓት በኢሜይል ወይም በጽሑፍ መልእክት ድገሙት። የኩባያውን ስም ፎቶ አንሱ። የመድኃኒቱን ካርቶንና ደረሰኝ አትጣሉ።

እናንተ ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያላችሁ ግን ከእህታችን የተሻለ ጥበቃ አላችሁ፣ ይህን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሕግ የሾፌር ሽንት በኩባያ አይፈረድበትም። ለሁለት ጠርሙስ ይከፈላል፣ አንዱ ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 15። የመጀመሪያው ማጣሪያ ፖዘቲቭ ቢል እንኳን በማስ ስፔክትሮሜትሪ ካልተረጋገጠ ላቦራቶሪው «ኔጌቲቭ» ብሎ ነው የሚልከው፤ እናንተም አሠሪያችሁም መኖሩን ሳታውቁት ያልፋል። በዚያ ላይ ሜታምፌታሚን ተገኘ ለማለት አምፌታሚንም ቢያንስ 100 ናኖግራም አብሮ መገኘት አለበት። እውነተኛው ሜታምፌታሚን ሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ አምፌታሚን ይለወጣልና። ይህ መስፈርት የመጣው በዱሮው አሠራር በጣም የጋለ መሣሪያ ራሱ የጉንፋኑን መድኃኒት ወደ ሜታምፌታሚን እየለወጠ ሰው ስላሳሳተ ነው።

ውጤቱ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ኤምአርኦ የሚባል ሐኪም አለ። አሠሪው ከመስማቱ በፊት ለእናንተ ይደውላል። እና እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? «የማላውቀው ቁጥር ነው» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ! ወገኖቼ፣ ይህ ስልክ እኮ የእናንተ ችሎት ነው! ሐኪሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ካላገኛችሁ አሠሪው ደውሉለት ብሎ ይነግራችኋል፤ ከዚያ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልደወላችሁ እናንተ ሳትሰሙ ፖዘቲቭ ብሎ ሊያጸድቀው ይችላል። ከጸደቀ ክሊሪንግሃውስ የሚባለው የፌዴራል የሾፌሮች መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከኅዳር 2024 ወዲህ ደግሞ እዚያ የታገደ ሰው ሲዲኤሉን ግዛቱ ያወርድበታል። ያልተነሳ ስልክ ነው ይህን ሁሉ የሚያመጣው! ስልኩን አንሱ፣ የመድኃኒቱን ስም ንገሩት፣ ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ማዘዣውን ላኩለት። ውጤቱ ስህተት ነው ካላችሁ ደግሞ ከነገራችሁ ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ «ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ላቦራቶሪ ይመርመርልኝ» በሉት። መብታችሁ ነው።

ስለ ምግቡ ባጭሩ። የሚያስቸግረው የፖፒ ፍሬ ነው፣ ቤግልና የሎሚ ኬክ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር ደቃቅ ፍሬ። ኦፒየም ከሚገኝበት ተክል ስለሆነ ፍሬው ላይ ሞርፊንና ኮዴይን በእውነት አለ። ስለዚህ ማስ ስፔክትሮሜትሪውም አያድናችሁም፣ ያገኘው ትክክለኛ ሞርፊን ነዋ። መንግሥት ይህን አይቶ በ1998 የኦፒየት ማጣሪያውን ከ300 ወደ 2,000 ናኖግራም ከፍ አደረገ። በሾፌሮች ሕግ ደግሞ ሞርፊኑ ወይም ኮዴይኑ ከ15,000 በታች ከሆነና ሄሮይንን የሚያጋልጠው ምልክት ካልተገኘ፣ በሕገወጥ መንገድ ለመጠቀማችሁ ማስረጃ ማምጣት ያለበት ሐኪሙ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ኩባያ የሚጠቀሙ ቦታዎች ግን አሁንም 300ውን የሚጠቀሙ አሉ። የአሜሪካ መከላከያ እንኳን በ2023 ወታደሮቹን ፖፒ አትብሉ ብሏል። እናንተም ምርመራ ካላችሁ በዚያ ሳምንት ተዉት። ጥቁር አዝሙድ ግን ሌላ ተክል ነው፣ ሞርፊን የለውም። ሰሊጥም እንዲሁ። ድፎ ዳቦ መብላት የተውክ ወንድሜ፣ እዚህ አለህ፣ ብላ!

አንድ የአፍንጫ መሳቢያም አለ፣ ሌቭሜታምፌታሚን የሚል የተጻፈበት። እሱ የሜታምፌታሚን የመስታወት ምስል ነው፣ ክብደቱም አንድ ዓይነት ነው፣ ተራው ማረጋገጫ አይለየውም። ተጠቅማችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩትና የግራና የቀኝ መለያ ምርመራ ያዝዝላችሁ።

ሲቢዲ ዘይትና ጫት ግን እዚህ ውስጥ አይገቡም። የሲቢዲው ዘይት እውነተኛ የካናቢስ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል፣ ሐኪሙም «ሲቢዲ ነው» የሚለውን አይቀበልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ለእነዚህ እኔም ልሟገትላችሁ አልችልም።

በር ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጫለሁ። በአንድ ገጽ ላይ የመድኃኒቶቹ ስም፣ በሌላው ደግሞ ለኤምአርኦና ለአሠሪ የምትሉት በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ታጥፎ ከሲዲኤላችሁ ጀርባ ይገባል። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።