78 ተቀብሎ 120 መመለስ

እንዴት ናችሁ? ከኋላዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ጅማ ነን፣ ክረምት ነው፣ ጣሪያዬም ቆርቆሮ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። የጅማን ዝናብ እጠብቃለሁ ካልኩ ግን ይሄን ክፍል የምቀዳው ለመስቀል ነው።

ከትናንት በስቲያ የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ምህንድስና ተመርቃ ሦስት ዓመት የሠራች ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ፊርማ ሊሰጡኝ ነው" አለችኝ። በኛ ከተማ ፊርማ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ኳስ ተጫዋች ነው። አባ ጅፋር በ2010 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህማ እገሌ በስንት ፈረመ የሚለው የሻይ ቤት ወሬ ሆኗል። የእሷ ግን የመሥሪያ ቤት ነው። ሳይኒንግ ቦነስ። ሥራውን ስትጀምር 90 ሺህ ብር በአንዴ ይሰጧታል፤ 18 ወር ሳትሞላ ከለቀቀች ትመልሳለች።

ወረቀቱን ሳየው ሆዴ ቦጭ አለ። እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርሜ አውቃለሁ።

እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ያኔ የሚቀጥረኝ ድርጅት የሰጠኝ 120 ሺህ ብር ነበር፣ ግዴታው ሁለት ዓመት። የሌላ ሰው ሂሳብ ስመረምር አንድ ሳንቲም አያመልጠኝም። የራሴን ውል ግን ብሩን ብቻ አይቼ ፈረምኩ። ደመወዜ የመጨረሻው የግብር እርከን ውስጥ ስለነበር ቦነሱ በሙሉ 35 በመቶ ተቆረጠበት። 42 ሺህ ለገቢዎች፣ 78 ሺህ ለእኔ። በዚያ ብር የቤቱን ጣሪያ ቀየርኩ፤ ይሄው አሁን የሚንኳኳው ቆርቆሮ።

በ18ኛው ወር ሌላ ሥራ መጣልኝና ልለቅ ነው ብዬ ኤችአር ጋ ገባሁ። ልጅቷ ፋይሌን አወጣችና ካልኩሌተሯን ሳትነካ "120 ሺህ ይመለሳል" አለችኝ።

ሁለት ነገር አመመኝ። አንደኛ፣ ከ24 ወር 18ቱን ሠርቻለሁ፤ የቀረኝ ስድስት ወር ነው። በቀረው ጊዜ ልክ ቢሰላ የምመልሰው ሩቡን፣ 30 ሺህ ነበር። ውሉ ግን "ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከለቀቀ የተከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ይመልሳል" ይላል። እንዲህ ከተጻፈ በመጀመሪያው ሳምንት የለቀቀና በ23ኛው ወር የለቀቀ እኩል ናቸው።

ሁለተኛው የባሰው ነው። እጄ ያልገባውን 42 ሺህ ነው መልስ የተባልኩት። ግብሩን ቀጣሪዬ ቆርጦ አስገብቶታል። ያን ብር ከገቢዎች ማስመለስ የማን ሥራ እንደሆነ ውሉ ላይ አንድ ቃል የለም። "የተከፈለው" ማለት ግብር ሳይቆረጥ ያለው ግሮሱ ነው ወይስ ተቆርጦ እጄ የገባው ኔቱ? እኔ ኔቱ ነው አልኩ፣ እነሱ ግሮሱ ነው አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በእነሱ ወንበር ብቀመጥ ከድርጅቱ ካዝና የወጣው 120 ነው እል ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ ፊርማው ሳያርፍ መጻፍ ያለበት።

አዲሱ ቀጣሪ ይሄን ሲሰማ "ችግር የለም፣ እኛ እንሸፍንልሃለን" አለ። ደስ አለኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ደስታዬ ሄደ። እሱ የሚሰጠኝም የቅጥር ገቢ ነው፤ ግብር አለበት። 120 ሺህ እጄ እንዲገባ ከ184 ሺህ በላይ መክፈል አለበት። እሱ ያሰበው 120 ብቻ ነው። በዚያ ላይ የራሱን የሁለት ዓመት ግዴታ አያይዞበታል። ከአንዱ ገመድ ወጥቼ ሌላው ውስጥ መግባት ነው። ተውኩት። ስድስቱን ወር ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩ።

ሌላም ነገር አለ። "ደመወዝህን ሙሉ በሙሉ ይዘን እናስቀራለን" ሲሉ የምትሰሙ ካላችሁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ አንቀጽ 59ን አንብቡ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ አይቆረጥም። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። ችግሩ፣ ያ የጽሑፍ ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ ቦነሱ ወረቀት ውስጥ ተሸጉጦ ነው የሚመጣው። ፈርመናል። ደግሞ ሲሶው መቁረጡን ይገድባል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝም። የቀረውን ከሠራተኛው መጠየቅ ይችላሉ፤ ዋስ ካስጠሩ ደግሞ ከዋሱ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ መያዣ ማድረጋቸው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲለቁ በሕግ የሚሰጥ ነው፣ የዕዳ መያዣ አይደለም።

እና የልጅቷ ወረቀት። አንድ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ አሰመርኩላት። "የሥራ ውሉ በማንኛውም ምክንያት ቢቋረጥ" ይላል። ማንኛውም! ድርጅቱ ሠራተኛ ቢቀንስስ? ታማ መሥራት ባትችልስ? ያለ ጥፋቷ ቢያሰናብቷትስ? እነሱ አስወጥተዋት እሷ ትክፈል? እዚያ ጋ "በራሷ ፈቃድ ስትለቅ ወይም በራሷ ጥፋት ስትሰናበት" ተብሎ ይስተካከል አልኳት። ሁለተኛው ቦታ "ሙሉ" የሚለው ቃል ነው፤ በ"ባልተሠራው ወር ልክ" ይተካ። ሦስተኛው፣ ከግብር በኋላ የሚለው ይግባ።

በነገራችን ላይ ስድስቱን ወር ስጨርስ ያው ድርጅት እንዳልሄድ የመቆያ ቦነስ ሰጠኝ። 60 ሺህ፣ እስከ ሰኔ 30 ከቆየሁ፣ ከሐምሌ ደመወዝ ጋር። ይሄኛው ይሻላል። ካልቆየህ አይሰጡህም እንጂ የበላኸውን አያስተፉህም። ግን እሱም ጥርስ አለው። "ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን በሥራ ላይ ያለና የመልቀቂያ ማስታወቂያ ያላስገባ" ይላል። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሰኔ 30 አለፈልኝ ብሎ ሐምሌ 5 የ30 ቀን ማስታወቂያውን አስገባ። ሐምሌ መጨረሻ ፔይሮሉ ሲሠራ አሁንም ሥራ ላይ ነው፣ ፈርሞ ይገባል፣ ፈርሞ ይወጣል። ቦነሱ ግን የለም። ፔይሮሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሙ ላይ ዜሮ ስጽፍ አጠገቤ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ደወለች። ኤችአሩ አኩርፎም ቢሆን ሁለቱን ቀይሯል። "ማንኛውም ምክንያት" ወጥቷል፣ "ሙሉ" የሚለው በወር ስሌት ተተክቷል። ግሮሱን ግን "የዋናው መሥሪያ ቤት ፎርም ነው" ብሎ አልነካውም።

"እና ልፈርም ጋሼ?" አለችኝ።

90 ሺህ ለ18 ወር ሲካፈል በወር 5 ሺህ ነው አልኳት። እያንዳንዱን ወር ስትጨርሺ 5 ሺህ ከላይሽ ይወርዳል። በዓመትሽ ብትወጪ 30 ሺህ ትመልሻለሽ፤ ከእሱ ውስጥ ግብር የሄደው እጅሽ ያልገባ ነው፣ እሱን አውቀሽ ግቢበት። ትንሽ ዝም አለችና "ስለዚህ ፍሪጁን አልገዛም ማለት ነው" አለች። ሐሙስ ትፈርማለች።