ሚያዝያ ላይ ያለው ጉድጓድ፦ ለሱቅ ብድር የ12 ወር የገንዘብ ፍሰት አሠራር

[ስክሪን ላይ፦ ጠዋት፣ ጅማ፣ ገና ያልተከፈተ ሱቅ። በሩ ላይ አዲስ ቀለም።]

ሰላም። ዛሬ አንድ ሠንጠረዥ አብረን እንሠራለን። ሱቅ ልትከፍቱ ነው፣ ገንዘቡ አልሞላም፣ ባንክ ሄዳችሁ። የብድር ባለሙያው ፎርም ሰጣችሁና «የ12 ወር የገንዘብ ፍሰት ትንበያ አያይዙ» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገውን አውቃለሁ። የአንድ ወር ሽያጭ ይገምትና 12 ጊዜ ይገለብጠዋል። ባለሙያው ደግሞ አንድ ዓይነት 12 ቁጥር ሲያይ ወረቀቱን ገለበጥ አድርጎ ወደ መያዣው ወሬ ያልፋል።

እንበል አንዲት እህታችን ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ልትከፍት ነው። ጥቅምት ላይ። የራሷ 250 ሺህ ብር አላት። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የእናንተ ሰፈር ኪራይም የባንካችሁ ወለድም ይለያል። ስሌቱን ግን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ።

[ስክሪን ላይ፦ ባዶ ሠንጠረዥ። ከላይ ከጥቅምት እስከ መስከረም። ከጎን፦ የወሩ መክፈቻ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ የወሩ መዝጊያ።]

ሠንጠረዡ ይኸው ነው። ወሩ ሲጀምር እጅ ላይ ያለው ብር፣ ሲደመር የገባ፣ ሲቀነስ የወጣ። የቀረው የወሩ መዝጊያ ነው፤ እሱው የሚቀጥለው ወር መክፈቻ ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው። ብር በእጅ ካልገባ ገቢ አይጻፍም፣ ከእጅ ካልወጣ ወጪ አይጻፍም። ፍሪጁ አምስት ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ እዚህ ግን ሙሉ ዋጋው የተገዛበት ወር ላይ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሽያጩን እናግኝ። ከጭንቅላት አይደለም፣ ከመንገድ ላይ።

[ስክሪን ላይ፦ ደብተር ላይ በእስክርቢቶ የተሰመሩ ጭረቶች፣ አምስት አምስት ተደርገው።]

እህታችን ተመሳሳይ ሱቅ ፊት ለፊት ካለች ቡና ቤት ቁጭ አለች። ገዝቶ የሚወጣውን ሰው በጭረት ቆጠረች። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ትሳሳት ነበር። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፤ የሐሙስ መንገድና የማክሰኞ መንገድ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቆጠረች። በአማካይ በቀን 110 ሰው። አንድ ሰው በአማካይ የ80 ብር ዕቃ ይገዛል ብላ ያዘች፤ አንዱ ዘይት ይወስዳል፣ አንዱ ሳሙናና ክብሪት። 110 በ80 ሲባዛ 8,800 ብር። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ነው፣ ለትንበያ ከዚህ የተመቸ የለም። 264 ሺህ ብር በወር።

ግን ይሄ የለመደ ሱቅ ሽያጭ ነው። የአዲስ ሱቅ አይደለም። ሰው ሱቁን የሚያውቀው፣ ከድሮ ደንበኛው የሚላቀቀው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 130 ሺህ፣ ኅዳር 160፣ ታኅሣሥ 200፣ ጥር 230፣ የካቲት 240 ብላ ያዘች። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 264 ሺህ ትደርሳለች። ይህ አቀበት እንዲያው ተስፋ ብቻ አይደለም። ጥቅምትና ኅዳር ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው፤ የቡና ብር ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ ጅማ ላይ የማይሞቅ ሱቅ የለም። ከዚያ ግንቦትን 250፣ ሰኔን 240 አደረገች። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ይጠናል፣ ተማሪውም ይቀንሳል፤ ሽያጩን 220 ሺህ አደረገችው። መስከረም በደብተርና በበዓል ወደ 290 ይወጣል። ጳጉሜን መስከረም ላይ ደምራዋለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። የአምናውን የዒድ ወር ዘንድሮም እዚያው ወር ላይ አትትከሉት። ጅማ ላይ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

[ስክሪን ላይ፦ «ዱቤ» የሚል ቀይ ጽሑፍ በሽያጩ መስመር ላይ ይወርዳል።]

አሁን ዱቤ። ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍታችሁ ዱቤ አልሰጥም ማለት በአፍ ብቻ ነው የሚቀለው። ከ100 ብር ሽያጭ 20 ብሩ ዱቤ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይከፈላል እንበል። እንግዲህ ጥቅምት 130 ሺህ ብትሸጥም በእጇ የሚገባው 104 ሺህ ነው። 26 ሺህ ብሯ ደብተር ላይ ነው ያለው።

ወጪውን እንይ። ከ100 ብር ሽያጭ 85 ብሩ ዕቃውን ለመተካት ይመለሳል። ለረዳት 5 ሺህ፣ መብራት 2 ሺህ፣ ዕቃ ማጓጓዣና ወዛደር 3 ሺህ። ለቤቷ ደግሞ 10 ሺህ። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ባለሙያው ግን አይዘላትም፤ ሰው ሳይበላ ሱቅ እንደማይሠራ ያውቃል። ካልጻፋችሁት «ቤቱ በምን ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

አሁን የመክፈቻው ወጪ። መደርደሪያ፣ ፍሪጅ፣ ሚዛን፣ ፈቃድና ታፔላ ተደምሮ 132 ሺህ። የመጀመሪያ ዕቃ 300 ሺህ። ኪራይ በወር 8 ሺህ ነው፣ አከራዩ ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ብሏል፤ 48 ሺህ። ድምሩ 480 ሺህ ብር። እሷ ያላት 250 ሺህ። የጎደለው 230 ሺህ። «በቃ 230 ሺህ እበደራለሁ» አለች። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነበር የምንለው።

የወር ክፍያውን በኤክሴል እናውጣ። ለምሳሌ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ ጊዜው 3 ዓመት ይሁን፦

```
=PMT(16%/12,36,-230000)
```

8,086 ብር ይወጣል፣ 8,100 እንበለው። መክፈል የምትጀምረው ከኅዳር ነው። የባንኩን የክፍያ ቀን በፈረንጆቹ መሆን አለመሆኑን ጠይቃችሁ በእኛ ወር አስቀምጡት።

[ስክሪን ላይ፦ የወር መዝጊያ መስመር፦ ጥቅምት −26,500። ኅዳር −36,600። ታኅሣሥ −42,700 … ሚያዝያ −66,200። ቀዩ እየደመቀ ይሄዳል።]

ቀዩን ተመልከቱ። ሱቁ በዓመቱ መጨረሻ አትራፊ ነው፤ በትርፍና ኪሳራ ስሌት ምንም አይወጣለትም። ብሩ ግን ገና ጥቅምት ላይ አልቋል። ዱቤው ያዘው፣ ሽያጩ ገና ግማሽ ነው። ሚያዝያ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛው የስድስት ወር ኪራይ ዱብ ይላል። 66 ሺህ ብር ከዜሮ በታች። እውነተኛ ሱቅ ውስጥ ይህ ቁጥር የሚታየው እንዲህ ነው፦ መደርደሪያው ሳስቷል፣ አከፋፋዩ ስልክ ይደውላል፣ እሷ አታነሳም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ብድሩን ማሳደግ ነው። 66 ሺሁን ጨምራ፣ ትንሽ መጠባበቂያም አክላ 330 ሺህ ብትጠይቅስ? የወር ክፍያው ወደ 11,600 ይወጣል። አሁን በደንብ በሚሸጥበት ወር የሚተርፋትን እናስላ። ከ264 ሺህ ሽያጭ 15 በመቶው 39,600 ነው። ወጪዋ 20 ሺህ፣ የኪራይ ድርሻ 8 ሺህ። የሚተርፈው 11,600። ልክ ያንኑ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቢበላሽ የምትከፍለው የላትም። ባለሙያው ይህንን ከእናንተ ቀድሞ ያሰላዋል።

ስለዚህ ብድሩን ትተን ጉድጓዱን እንሙላ። በሁለት መንገድ።

ኪራዩን አከራዩ ጋር ቁጭ ብላ በየሦስት ወሩ አደረገችው። ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያ፣ ሐምሌ፤ በየጊዜው 24 ሺህ። የመጀመሪያውን ዕቃ ደግሞ ከ300 ወደ 250 ሺህ አወረደች። ቀስ ብሎ የሚሸጠውን፣ ቅባቱንና ሳህኑን አሳነሰች፤ ዘይት፣ ስኳር፣ መኮረኒ፣ ሳሙና አልነካችም። ጥቅምት ላይ ለ130 ሺህ ሽያጭ የ300 ሺህ ዕቃ መደርደር ብር አቧራ ማልበስ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ አዲሱ መስመር፦ ጥቅምት 47,500። ታኅሣሥ 31,300። ጥር 7,700። ሚያዝያ 7,800። ሐምሌ 6,800።]

ብድሩ ያው 230 ሺህ ነው። አንድ ብር አልጨመረም። ቀይ ግን የለም። ዝቅተኛው ሐምሌ ላይ ነው፤ ኪራይም፣ የቀዘቀዘ ሽያጭም፣ ለግብር የያዘችው 8 ሺህም አንድ ላይ የወደቁበት ወር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግብሩን ሐምሌ ላይ አስቀመጠችው። ስታመለክቱ ይህን ዝቅተኛ ወር ራሳችሁ አክብቡት። «ሐምሌ ላይ 6,800 ትወርዳለች፣ ምክንያቱም…» ብሎ ቀድሞ የተናገረ ሰው ሠንጠረዡን ራሱ እንደሠራው ይታወቃል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ባለሙያው «ያሰብሽውን ያህል ባትሸጪስ?» ይላታል። ሁለተኛ ገጽ ሠራች። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሽያጩ በ15 በመቶ ቢቀንስ፣ ሚያዝያ ላይ 11,200 ብር ከዜሮ በታች ትወርዳለች። ይህንን አልደበቀችም። ከሥሩ መልሱን ጻፈች፦ ዱቤው ከ20 ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በዚያ ሽያጭ ሚያዝያ ላይ ደብተር ላይ የሚቀመጠው 45 ሺህ ገደማ ነበር፤ ግማሹ በእጇ ቢሆን 22 ሺህ ይመለሳል። ቀዩ ይጠፋና 11 ሺህ ገደማ በእጇ ይቀራል።

በሠንጠረዡ ጀርባ ግምቶቹን በአንድ ገጽ አያይዛለች፦ የሳምንቱ ቆጠራ ከነቀኑ፣ ከሁለት ጅምላ ነጋዴ የተቀበለችው የዋጋ ዝርዝር፣ የኪራይ ውሉ ኮፒ፣ የቡናው ወቅትና የዝናቡ ወራት ለምን እንዲያ እንደተያዙ። ከላይ የብድሩ መልቀቂያ ወር ተጽፏል። ብድሩ ጥር ላይ ቢለቀቅ ወራቱን ብቻ አትግፉ። የቡናው ገበያ ያልፋችኋል፣ አቀበቱም እንደገና መሠራት አለበት።

[ስክሪን ላይ፦ የተጫረበት ደብተር ይዘጋል። ቡና ቤቷ ውስጥ የተጠጣ ሲኒ።]