ሦስት ሪፖርት፣ ስንት ባግ?

[በስክሪኑ ላይ ሦስት ሪፖርቶች ይታያሉ]

ሦስቱም ስለ አንድ የማስታወሻ መተግበሪያ የመጡ ናቸው። አንደኛው «ፎቶ አያይዤ ሴቭ ስል ይዘጋል» ይላል። ሁለተኛው «ሴቭ ሳደርግ ተዘጋብኝ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሴቭ አያደርግም፣ አስተካክሉልኝ»።

አንዱን አስቀርቶ ሁለቱን «ተደጋጋሚ» ብሎ መዝጋት ያጓጓል። ግን የሚመሳሰለው ምልክቱ ነው፤ ምክንያቱን ገና አላየንም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሪፖርቶች የብልሽት መዝገብ ስላላቸው እሱን እንክፈት።

```
NullPointerException
  at NoteStore.attach(NoteStore.java:88)

SQLiteFullException
  at NoteStore.write(NoteStore.java:140)
```

የመጀመሪያው ፎቶ በማያያዝ ላይ እንዳለ ባዶ እሴት አጋጥሞት ወድቋል። ሁለተኛው የሚጽፍበት ቦታ አጥቷል፤ የስልኩ ማከማቻ ሞልቷል። ስለዚህ ሁለት ባግ ናቸው። ነገ መስመር 88 ላይ የወደቀ ሌላ ሪፖርት ቢመጣ ግን ከመጀመሪያው ጋር እናያይዘዋለን። ዘግይቶ የመጣው የተሻለ መግለጫ ካለው ደግሞ ዋናው እሱ ይሁን፤ ቀድሞ መምጣት ብቻውን ዋና አያሰኝም።

[ሁለቱ ሪፖርቶች ጎን ለጎን]

አሁን ክብደት። በመጀመሪያው መተግበሪያው ቢዘጋም ጽሑፉ ቀድሞ ስለተቀመጠ አይጠፋም፤ መካከለኛ እንበለው። በሁለተኛው ግን ተጠቃሚው የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ይህ ከባድ ነው።

ቅድሚያ ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ትናንት በወጣው ስሪት ፎቶ የሚያያይዘውን ሁሉ ያገኛል፤ ዛሬውኑ ይስተካከል። ሁለተኛው ማከማቻው የሞላበትን ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ለቀጣዩ ስሪት ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ በጣም የማልስማማበት ልማድ አለ፦ ሥራው እንዲዘገይ ሲፈለግ ክብደቱን ዝቅ አድርጎ መመዝገብ። የሚያጋጥማቸው ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም የጠፋው ጽሑፍ አይመለስም። ክብደቱ «ከባድ» እንደተባለ ይቆይ፣ ቅድሚያው ብቻ ይውረድ። ያኔ ከወር በኋላ ዝርዝሩን የሚያየው ሰው ምን እንደዘገየ በግልጽ ያውቃል።

[ሦስተኛው ሪፖርት ብቻውን]

ሦስተኛው መዝገብም፣ የስሪት ቁጥርም፣ ችግሩ የታየባቸው እርምጃዎችም የሉትም። ይህን ይዘን ከሁለቱ የአንዱ ተደጋጋሚ ነው ማለት ግምት ነው። «ተጨማሪ መረጃ ይላኩ» ብንል ደግሞ ሰውየው ምን እንደሚልክ አያውቅም። በአጭሩ ሊመልሰው የሚችለውን እንጠይቀው፦ የትኛው ስሪት ነው? ሴቭን ከመጫንዎ በፊት ምን አደረጉ? መተግበሪያው ይዘጋል ወይስ ክፍት ሆኖ ይቀራል? መልሱ እስኪመጣ ሪፖርቱ «መረጃ በመጠበቅ ላይ» ይባል፤ የቅድሚያ ደረጃ አይሰጠው።

መልሱ መጣ፦ «አይዘጋም። ርዕስ ሳልጽፍ ሴቭ ስጫን ምንም አይሆንም።» አዲስ ማስታወሻ ከፍተን፣ ርዕሱን ባዶ ትተን፣ ጽሑፍ አስገብተን ሴቭን ስንጫን እኛም ዘንድ ዝም አለ። ከሁለቱም ጋር የማይገናኝ ሦስተኛ ባግ ነው። እርምጃዎቹን ሪፖርቱ ላይ እንጻፍና ርዕሱን «ርዕስ የሌለው ማስታወሻ ሴቭ አይሆንም» ብለን እንቀይረው።