በሰዓት የሚከፈለው መምህር በወር ስንት ያገኛል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ ድረስ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለቆላ ሰው እንደማይመች አውቃለሁ። ጋቢያችሁን አታውልቁ፤ እኔም አላስረዝምባችሁም።

ሁለት መምህራን ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ "እዚያ በሰዓት ስንት ይከፍላሉ?" ነው። ማኅበራችንም እስከ ዛሬ ለየኮሌጁ የጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ስለ ሰዓት ዋጋ ነበር። እኔ ግን ዘንድሮ ሌላ ነገር እንድንጠይቅ ላሳምናችሁ ቆሜያለሁ። ለዚህም የአንዲት አባላችንን ሒሳብ ፈቅዳልኝ ይዤ መጥቻለሁ። ስሟንም ኮሌጇንም አልጠራም። የሰዓቱ ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለስሌት እንዲመቸን 300 ብር እንበለው። ግብሩንም ለጊዜው እንተወው።

እህታችን ከደብረ ሲና እየተመላለሰች የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎችን ታስተምራለች። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ተሰጣት። አንዱ ኦዲቲንግ ነው፤ ከዚህ በፊት አስተምራዋለች። ሌላው ኮስት አካውንቲንግ ነው፤ ለእሷ አዲስ ነው። ሁለቱም ባለ 3 ክሬዲት አወር ናቸው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ስለሆነ እያንዳንዱ 48 ሰዓት ይይዛል። በድምሩ 96 ሰዓት ነው። በ300 ሲባዛ 28,800 ብር ይመጣል። ለአራት ወር ሲካፈል በወር 7,200 ብር። ውሉን ስትፈርም በልቧ የያዘችው ይህንን ቁጥር ነው። ማናችንም ብንሆን የምንይዘው ይህንኑ ነው።

አሁን ውሉ ላይ ወዳልተጻፈው ሥራ እንሂድ። አዲሱን ኮርስ ለማስተማር ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ተዘጋጅታለች። የኮርስ አውትላይን ማውጣት አለ፣ ሃንድአውት መጻፍ አለ፣ መልመጃውን ራስ ሠርቶ መልሱን ማረጋገጥ አለ። ይህ ብቻ 96 ሰዓት ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ የሄዱት በዚህ ነው። ለቆየው ኮርስ ግማሽ ሰዓት ይበቃታል፤ 24 ሰዓት። ተማሪዎቿ በሁለቱ ክፍል 90 ናቸው። ሚድ፣ አሳይንመንትና ፋይናል ማረም ለአንድ ተማሪ 40 ደቂቃ ቢወስድ 60 ሰዓት ይሆናል። የዚህ አብዛኛው የሚሠራው ትምህርት ካለቀ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ነው። ግሬድ ሬጅስትራር ካልገባ ደግሞ ክፍያ የለም።

ደምሩት። 96 ማስተማር፣ 96 እና 24 ዝግጅት፣ 60 እርማት። ጠቅላላው 276 ሰዓት ነው። 28,800 ለ276 ሲካፈል 104 ብር ይደርሳል። 300 ብር የተባለው ሰዓት እውነተኛ ዋጋው ይህ ነው። የጣርማበርን ጉም እያለፈች የምትመላለስበትን ጊዜና የትራንስፖርቱን ገንዘብ አልጨመርኩም።

ደግሞ ብሩ የሚመጣው መቼ ነው? ዝግጅቱን የጀመረችው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ያስተማረችው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ግሬዱን አስገብታ ብሩን ያየችው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ከአምስት ወር በላይ በብድር ኖራ በአንድ ቀን 28,800 ብር ተቀበለች። በዚያን ቀን ሰው ሀብታም የሆነ ይመስለዋል። ያ ብር ግን ግማሽ ዓመት መሸከም አለበት። ለስድስት ወር ሲካፈል 4,800 ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የሆነውን ስሙ። ኦዲቲንግን ለሁለት ሴክሽን እንድታስተምር ተነገራት። ጥሩ ነበር፤ ዝግጅቱ አንድ ነው፣ ሰዓቱ ግን 96 ይሆናል። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለቱ ሴክሽን ተጣመሩ። ተማሪው ያው 90 ነው። እርማቱም ያው 60 ሰዓት ነው። የሚከፈልበት ሰዓት ብቻ ከ96 ወደ 48 ወረደ። ክፍያዋም 14,400 ብር ሆነ። የዓመቱ ድምር 43,200 ብር ነው፤ ለ12 ወር 3,600። ስትፈርም ካሰበችው ከ7,200ው ልክ ግማሹ።

እንግዲህ የሰዓት ዋጋ ብቻ ብንጠይቅ ምን እናገኛለን? 10 በመቶ ቢጨመር 330 ብር ይሆናል። በአንድ ሴሚስተር የ2,880 ብር ጭማሪ ነው። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ለአዲስ ኮርስ 10 የዝግጅት ሰዓት ብቻ ቢከፈላት 3,000 ብር ነው፤ ከጭማሪው ይበልጣል። የሴክሽን መጣመሩ ደግሞ 14,400 ብር ወስዶባታል። ያንን በሰዓት ዋጋ ለማካካስ ዋጋው እጥፍ መሆን አለበት። ማን ዲን እጥፍ ይሰጣል?

ስለዚህ ዘንድሮ ውሉ ላይ እንዲገባ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው ብዬ አምናለሁ። ለአዲስ ኮርስ የዝግጅት ሰዓት ይታሰብ። ሴክሽን ሲጣመር ከ50 በላይ ለሆነው ተማሪ የእርማት ክፍያ ይኑር። ክፍያውም ግማሹ ከሚድ በኋላ፣ ግማሹ ግሬድ ሲገባ ይሁን። ሦስተኛው ኮሌጁን አንድ ሳንቲም አይጨምርበትም፤ እምቢ ለማለት ምክንያት ያጣሉና ድርድሩን ከእሱ ብንጀምር ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ይከብዳል። "ዝግጅትማ የመምህር ግዴታ ነው" ይሉናል። ለቋሚ መምህር እውነት ነው፤ የወር ደመወዙ ውስጥ አለና። ለእኛ ግን የተከፈለበት ቦታ የለም።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ በእጃችን ነው። የመገኛ ፊርማ። ቅዳሜ መጥታችሁ ተማሪ ከሌለ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። አስተባባሪው ሰዓቱን ጽፎ ይፈርምላችሁ። መንገድ ተዘግቶ ወይም በዓል ውሎ የቀረ ክፍል ካለ ሜክአፑ በየትኛው ቀን እንደተሰጠ ለብቻው ይመዝገብ። ሲጠፋ ያየሁት ሰዓት ሁሉ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የቤት ለቤት አስጠኚዎችን አልረሳሁም። የእናንተ ችግር ሌላ መልክ አለው። ዝግጅቱ ይቀልላል፣ ብሩም በየወሩ ይመጣል። ግን የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያልፍ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ገቢ የለም። ከወላጅ ጋር ስትስማሙ ዋጋውን በሚሠራባቸው ዘጠኝ ወራት ሳይሆን በ12ቱ አስቡት። ልጁ በቀረበት ቀን ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ጸሐፊያችን አንድ ወረቀት ያድላችኋል። ያለፈውን ሴሚስተር የክፍል፣ የዝግጅትና የእርማት ሰዓት፣ ብሩ የገባበትንም ወር ጻፉበት። ስም አያስፈልግም። ከሻይ በፊት ይሰብሰብ፤ የድርድር ኮሚቴው የሚመረጠው ከሻይ በኋላ ስለሆነ ቁጥሩን ይዞ ይጀምራል። አመሰግናለሁ፤ ጉባኤው ተከፍቷል።