ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ

እንደምን አደራችሁ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ማስታወሻ ጽፈን ስንጨርስ ሰው አንድ ሥራ እንዲሠራልን የምንጠይቅባት ዓረፍተ ነገር።

ለመጋዘን ሠራተኞች በሙሉ የተላከ ማስታወሻ እንውሰድ። «የእሳት ማጥፊያዎቻችን የአገልግሎት ጊዜ እያለቀ ስለሆነ አስፈላጊው ክትትል በአስቸኳይ እንዲደረግ በአክብሮት እናሳስባለን።» ሲነበብ ያምራል። ሁሉም አንብቦ «ልክ ነው» ይላል። ማንም ግን ከወንበሩ አይነሳም።

ሠራተኞቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። «እንዲደረግ» ተባለ እንጂ ማን ያድርገው አልተባለም። እያንዳንዱ «አንዱ ይዞታል» ብሎ ያልፋል። ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ ይህንኑ አይተዋል። ተሳታፊዎቹ አንድ ሰው በድንገት ሲታመም በድምፅ ማገናኛ ሰሙ። ብቻዬን ነኝ የሰማሁት ካሉት ውስጥ 85 በመቶው የታማሚው ድምፅ ሳይጠፋ እርዳታ ጠሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶው ብቻ። ለሰው ሕይወት እንዲህ ከሆነ ለማስታወሻማ አስቡት።

እስቲ ማስታወሻዋን እናስተካክላት። «የመጋዘን ኃላፊው እስከ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ የእያንዳንዱን ማጥፊያ መለያ ካርድ አይተው፣ ጊዜው ያለፈበትን ለይተው ዝርዝሩን ለግዢ ክፍል ይላኩ። ግዢ ክፍል ዓርብ ጠዋት ትእዛዝ ይሰጣል።»

«ክትትል» የምትለዋ ቃል ጠፍታለች። ክትትል ሲያልቅ አይታይም፤ የተላከ ዝርዝር ግን ይታያል። ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ «ተልኳል?» ብትሉ መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። «እየተሠራበት ነው» የሚል መልስ የሚያስመጣ ጥያቄ ከሆነ ግን ምን እንደፈለጋችሁ ገና አልጻፋችሁትም ማለት ነው።

ቀኑም ዝም ብሎ አልተመረጠም። የዓርቡ ትእዛዝ ስላለ ነው ሐሙስ የተባለው፤ ይህ ምክንያትም አብሮ ተጽፏል። ያለምክንያት የተቆረጠ ቀን አንዴ ሁለቴ ካለፈና ምንም ካልተፈጠረ፣ ከዚያ ወዲያ ቀን ብትጽፉ የሚሰማችሁ የለም። «በአስቸኳይ»ንማ ተዉት፤ ለእናንተ ዛሬ ነው፣ ለሌላው በሚቀጥለው ሳምንት።

አንድ ነገር ግን አለ። የምትጠሩት ሰው ሥራውን የመሥራት ሥልጣን ከሌለው ስሙን መጻፍ ሸክም መጫን ብቻ ነው። ኃላፊው የመጋዘኑ ቁልፍ ከሌላቸው ወይም ዕረፍት ላይ ከሆኑ፣ ማስታወሻዋ ከመውጣቷ በፊት ደውሉና አጣሩ። «ካልቻሉ እስከ ማክሰኞ ማታ ይንገሩኝ» የምትል መስመርም ጨምሩ። ማክሰኞ ከታወቀ ሌላ ሰው ለመተካት ጊዜ አለ፤ ሐሙስ ማታ ከታወቀ ግን የዓርቡ ትእዛዝ አምልጧል።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ለቡድናችሁ በቅርቡ ከላካችሁት መልእክት ውስጥ «ይደረግ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉና ከሻይ እረፍት በፊት እንደገና ጽፋችሁ አጠገባችሁ ላለው ሰው አንብቡለት። እሱም ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሆነ መልሶ ይንገራችሁ።