አንድ ሺህ ብር የወጣበት ፔርሙዝ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከፊቴ ያለው አንድ አበባ የተሣለበት ፔርሙዝ ነው። ከቻይና አስመጥቼ ልሸጠው ላሰብኩት ዕቃ የተላከልኝ ናሙና ነው። ደሴ ፒያሳ ካሉት ሱቆች ለአንዱ፣ አንዱን ፔርሙዝ ቫትን ጨምሮ በ2,000 ብር እንደማስረክበው ተነጋግሬያለሁ። የዕቃው፣ የማጓጓዣውና የመድን ዋስትናው ዋጋ ሲደመር ለአንዱ 1,000 ብር ነው። 30 በመቶ ቀረጥ፣ ለትራንዚተርና ለጭነት ደግሞ 110 ብር ጨመርኩና 590 ብር አተርፋለሁ ብዬ ደመደምኩ። እንቅልፍ የነሣኝ ደስታ ነበር።

ከማዘዜ በፊት ኮምቦልቻ ወርጄ ደረቅ ወደቡ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ ትራንዚተር ዘንድ ደብተሬን ዘረጋሁ። "ልጄ፣ ግብሩ አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚቆለለው" አሉኝና እርሳስ አነሡ። 1,000 ብሩ ከነቀረጡ 1,300 ይሆናል። ቫት የሚሰላው በዚህ በ1,300 ላይ ነው፤ 195 ብር። ሱር ታክስ ደግሞ ቫቱ ሳይቀር በተደመረበት በ1,495 ላይ 10 በመቶ ነው፤ 149 ብር ተኩል። ለማኅበራዊ ደኅንነት የሚከፈለው 3 በመቶና በቅድሚያ የሚያዘው 3 በመቶ ግብር በ1,000 ብሩ ላይ ስለሚሰሉ ሠላሳ ሠላሳ ብር ናቸው። ዕቃው ሳይወጣ 1,704 ብር ተኩል ከእጄ ወጥቷል ማለት ነው።

ከዚህ ውስጥ ቫቱን ስሸጥ አካክሰዋለሁ፣ በቅድሚያ የተያዘውም ከዓመቱ ግብሬ ይታሰብልኛል። ሱር ታክሱና ለማኅበራዊ ደኅንነት የሚከፈለው ግን አይመለሱም። ስለዚህ እውነተኛው ወጪ 1,479 ብር ተኩል፣ ከትራንዚትና ከጭነት ጋር 1,589 ብር ተኩል ነው። ከ2,000 ብሩም ውስጥ የእኔ የሆነው ቫት ሲወጣለት 1,739 ብር ብቻ ነው። 590 ያልኩት ትርፍ 150 ሆነ።

ከዚያ የባሰው መጣ። "ክፍያውን የምትፈጽመው ሰነዱ ባንክ ሲደርስ ነው፤ ጉምሩክም የሚያሰላው ዲክላራሲዮን በተመዘገበበት ቀን ምንዛሪ ነው" አሉኝ። እኔ ምንዛሪ የሚነካው ለሻጩ የምከፍለውን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግብሩም አብሮ ይወጣል። ዶላር 10 በመቶ ቢጨምር 1,479 ብር ተኩሉ 1,627 ይሆናል፤ ከ110 ብሩ ጋር 1,737። በአንድ ፔርሙዝ የሚቀረኝ ሁለት ብር አይሞላም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን የምናስታውስ ሰዎች 10 በመቶ ብዙ ነው ልንል አንችልም።

መዘግየቱም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። መርከቡ ቢቆይ፣ ጭነቱም ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ እስኪደርስ ቢጓተት፣ ለምንዛሪው የተጋለጥኩባቸው ቀናት ይረዝማሉ። ኮንቴይነሩ ያለ ክፍያ ከሚቆይባቸው ቀናት ካለፈ ደግሞ የየቀኑ ቅጣት በዶላር ይቆጠራል።

አንድ ነገር አሁንም አልተዘጋም። ጉምሩክ የደረሰኜን ዋጋ ዝቅተኛ ነው ብሎ በራሱ መነሻ ዋጋ ሊያሰላ ይችላል። ትራንዚተሩ ሰሞኑን ፔርሙዝ ያስገቡ ነጋዴዎች በስንት እንደተሰላባቸው ሊጠይቁልኝ ቃል ገብተዋል። ያ ቁጥር እስኪደርሰኝ ለሻጩ አልጻፍኩም። ሱቁን ግን አነጋግሬ፣ ዋጋው የሚቆረጠው ዕቃው ከጉምሩክ በወጣበት ቀን ይሁን ብዬ ጠይቄያለሁ። ባለሱቁ እያሰቡበት ነው።